በታኅሣሥ ዓምድ ውስጥ የተደበቀው ሁለተኛ ቀለበት

ጉዳዩ አዳማ ያለ የአንድ መካከለኛ ዱቄት ፋብሪካ የዓመት በጀት ነው። ፋብሪካው ስንዴውን ከአርሲ ያስመጣል፣ ይፈጫል፣ በጆንያ እያደረገ ለዳቦ ቤቶችና ለጅምላ ነጋዴዎች ይሸጣል። የገንዘቡ አካሄድ ግልጽ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ሲገባ ስንዴ በብዛት ይገዛል። ብሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን ቀስ እያለ ነው። በመሃል ያለውን ክፍተት ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሂሳቡ ውስጥ ካለው በላይ እንዲወጣ ባንኩ የሚፈቅደው ብድር፣ ይሸፍነዋል።

ኦቨርድራፍቱ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና ባንኩ የዓመቱን የገንዘብ ፍሰት ትንበያ ጠየቀ። የፋብሪካው የሂሳብ ሠራተኛ በኤክሴል አዘጋጅታ ላከች። በማግስቱ ከባንኩ ስልክ ተደወለ። ፋይሉ ሲከፈት ፎርሙላዎቹ ዞረው እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ ቀለበት ሠርተዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የብድር ባለሙያው ወለዱ ከፍ ቢል ምን እንደሚሆን ለማየት መጣኔውን ሲቀይር ደግሞ ቁጥሮቹ ተበላሹ። አንዳንዱ ሴል ዜሮ ሆነ፣ አንዳንዱ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ቀረ። ባለሙያው በዚህ ላይ ተመሥርቼ ውሳኔ አልሰጥም አለ። እውነቱን ነው።

ባለቤቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እኛ ጋ ሲከፈት ደህና ነው። እነሱ ጋ ሲደርስ ነው የሚታመመው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ፋይሉን ፊቴ ከፈተችው። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ቁጥሮቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። «አየህ? ምንም የለውም እኮ» አለችኝ። ፋይሉን ዝጊው አልኳት። ሌላ ማንኛውንም የኤክሴል ፋይል፣ ለምሳሌ የደመወዙን፣ መጀመሪያ ክፈቺና ከዚያ በጀቱን አስከትዪ አልኳት። እንዳልኳት አደረገች። ማስጠንቀቂያው ዱብ አለ።

ምክንያቱ አንድ የኤክሴል ጠባይ ነው። ኤክሴል በቀለበት ላይ እየተመላለሰ እንዲያሰላ የሚፈቅድ ቅንብር አለው። `File > Options > Formulas` ውስጥ `Enable iterative calculation` ይባላል። ቅንብሩ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል፣ የሚሠራው ግን በፕሮግራሙ ሙሉ ነው። መጀመሪያ የተከፈተው ፋይል የያዘውን ቅንብር ከሱ በኋላ የሚከፈቱት ሁሉ ይወርሳሉ። እሷ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምትከፍተው በጀቱን ነው፤ ስለዚህ ቅንብሩ በርቶ ይውላል። የባንኩ ባለሙያ ግን የራሱን ፋይሎች ከፍቶ ሲሠራ ነው የዋለው። የኛ በጀት የገባው ቅንብሩ የጠፋበት ኤክሴል ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያው አንዴ እየመጣ አንዴ የሚጠፋው።

ቅንብሩን ያበራችው እሷው ናት፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ያበራችበት ምክንያትም ነበራት። ወለዱ የሚሰላው በወሩ አማካይ ባላንስ ነው። አማካዩ የወሩ መነሻና የወሩ መዝጊያ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ነው። መዝጊያው ግን ወለዱ ራሱ ሲጨመርበት ነው የሚታወቀው። ወለዱን ለማወቅ መዝጊያው ያስፈልጋል፣ መዝጊያውን ለማወቅ ወለዱ ያስፈልጋል። ይህ እውነተኛ ቀለበት ነው። የትየባ ስህተት አይደለም።

የሺቱን አቀማመጥ ላሳያችሁ። ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያሉት ወራት ከ`C` እስከ `N` ባሉት ዓምዶች ተደርድረዋል። (የጳጉሜን አምስት ቀናት ነሐሴ ውስጥ ከትታዋለች።) ታኅሣሥ `H` ላይ ነው። ረድፍ 5 ከሽያጭ የሚገባው ገንዘብ ነው። ከ6 እስከ 11 ስንዴ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ማጓጓዣ፣ ጆንያና ግብር ናቸው። 12 መጠባበቂያ፣ 13 ወለድ፣ 14 ጠቅላላ ክፍያ ነው። 16 የኦቨርድራፍቱ የወሩ መነሻ፣ 17 የወሩ መዝጊያ ነው። የወለድ መጣኔው `B2` ላይ ተቀምጧል፤ በጀቱ የተሠራው በዓመት 18 በመቶ ነው። የታኅሣሥ ፎርሙላዎች እንዲህ ነበሩ፦

```
H12  =3%*H14
H13  =$B$2/12*(H16+H17)/2
H14  =SUM(H6:H13)
H17  =H16+H14-H5
```

ጎበዝ አንባቢ እዚህ ጋ ችግሩን አይቶት ይሆናል። እኛ ግን አሥራ ሁለት ዓምድ ሙሉ ቁጥር ነበር ፊታችን የነበረው። ፎርሙላው ደግሞ ሴሉ ውስጥ ካልተገባ አይታይም።

ፍለጋውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ፋይሉን በሌላ ስም አስቀመጥን። ከዚያ የምልልስ ስሌት ቅንብሩን አጠፋን። ሲበራ ማስጠንቀቂያ ስለማይመጣ ቀለበት ማሰስ አይቻልም። ቅንብሩ እንደጠፋ ከታች በግራ ጥግ `Circular References: H14` የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቀለበቱ ሌላ ሺት ላይ ቢሆን ኖሮ የሴሉን አድራሻ ሳይጨምር `Circular References` ብቻ ይል ነበር። ያኔ `Formulas` ውስጥ ከ`Error Checking` ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭኖ ከዝርዝሩ ማየት ይቻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤክሴል የሚነግራችሁ ቀለበቱ ላይ ካሉት ሴሎች አንዱን ነው። ጥፋተኛው ያ ሴል ነው ማለት አይደለም። ሁለትና ሦስት ቀለበት ቢኖርም ጥጉ ላይ የሚጽፈው አንድ አድራሻ ብቻ ነው። `H14`ን ሲያይ ሰው ሁሉ «አዎ፣ ወለዱ ነው፣ እናውቀዋለን» ይላል። እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። እኔም ለደቂቃ ያህል እንደዚያ አስቤ ነበር።

የታወቀውን ቀለበት ሆን ብለን እንቁረጠው አልኩ። የወለዱን ረድፍ ከ`C13` እስከ `N13` ኮፒ አድርገን እዚያው ላይ `Paste Special > Values` አደረግን። ፎርሙላዎቹ ሄዱ፣ ደረቅ ቁጥር ብቻ ቀረ። የምናውቀው ቀለበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያው አሁን መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ከታች ያለው ጽሑፍ ተቀይሮ `Circular References: C12` አለ።

ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብባል ይህቺን እርምጃ እመርጣለሁ። በጀታችሁ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ቀለበት ካለ፣ እሱን በደረቅ ቁጥር ቆርጣችሁ ማስጠንቀቂያው ይጠፋ እንደሆነ እዩ። ካልጠፋ እናንተ የማታውቁት ሌላ አለ።

የሁለተኛውን መንገድ በዓይን ለማየት ወደ ታኅሣሥ ተመለስን። `H14` ላይ ቆመን `Trace Precedents`ን ተጫንን። ሰማያዊ ቀስት ከ`H6` እስከ `H13` ካለው ሳጥን ተነስቶ `H14` ላይ አረፈ። ከዚያ `H12` ላይ ቆመን ደገምነው። ቀስቱ ከ`H14` ተነስቶ ወደ `H12` ወጣ። ሁለት ቀስት፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ፣ በሁለት ሴሎች መሃል። የሂሳብ ሠራተኛዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «መጠባበቂያው ራሱን ነው የሚደምረው?» አለች። አዎ።

እንዴት እንደገባ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብንም። ባለቤቱ ያዘዙት የግዢና የሥራ ማስኬጃ ወጪ ሦስት በመቶ መጠባበቂያ እንዲያዝ ነው። መጀመሪያ መጠባበቂያው ከጠቅላላው በታች ነበር፤ ያኔ ከጠቅላላው ላይ ሦስት በመቶ ማስላት ትክክል ነበር። በኋላ ሠንጠረዡ እንዲያምር ረድፉ ወደ ላይ ተነሳና ድምሩ ውስጥ ገባ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኤክሴል ወዲያው ይጮህ ነበር። ምልልሱ ግን በርቶ ነበር። ለወለዱ ተብሎ የበራው ቅንብር የመጠባበቂያውን ስህተት አፉን አዘጋው።

ቁጥሩም ሰው የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ ይህ ነው ክፉው። ጠቅላላው ራሱን ቢደምር ኖሮ በየስሌቱ እያበጠ ሄዶ ማንም ያየው ነበር። ይሄኛው ግን በየዙሩ የሚጨምረው የባለፈውን ዙር ጭማሪ ሦስት በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ይረጋል። ረግቶ ደህና የሚመስል ቁጥር ላይ ይቀመጣል።

ታኅሣሥን እንሥራው። ከረድፍ 6 እስከ 11 ያለው ክፍያ 7,000,000 ብር ነው። ከሽያጭ የሚገባው 4,210,000 ብር ነው። የኦቨርድራፍቱ መነሻ 2,000,000 ብር ነው። ትክክለኛው መጠባበቂያ የሰባት ሚሊዮኑ ሦስት በመቶ፣ 210,000 ብር መሆን ነበረበት። ሺቱ ላይ የተጻፈው ግን 218,132.73 ነበር። መጠባበቂያው በራሱ ላይም በወለዱም ላይ ተሰልቷል። ስምንት ሺህ ብር ተረፍ ያለ ልዩነት በሰባት ሚሊዮን መሃል አይታይም። የሚያጋልጠው አንድ ማካፈል ነው። 218,132.73 ለ7,000,000 ሲካፈል 3.116 በመቶ ይሆናል። ሦስት በመቶ ያላችሁት ነገር ሦስት በመቶ ካልሆነ የሆነ ቦታ ቀለበት ወይም የተሳሳተ ክልል አለ። ስህተቱ ወደ ወለዱም ተሻግሯል። የታኅሣሥ ወለድ 52,958.18 ተብሎ ነበር። በትክክለኛው መጠባበቂያ ሲሠራ 52,896.73 ነው።

መጠባበቂያውን ማስተካከል ቀላል ነው። ድምሩን ከሱ በላይ ካሉት ረድፎች ብቻ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ወለዱ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ እሱ በእርግጥም በራሱ ላይ ነው የሚሰላው። እዚህ ላይ ሦስት መንገድ አለ፣ ሦስቱንም ተነጋገርንባቸው።

አንደኛው ምልልሱን እንደበራ መተው ነው። ለወለዱ ብቻ ከሆነ መልሱ ልክ ይመጣል። ከዜሮ ቢነሳ የመጀመሪያው ዙር 52,500 ይላል፣ ሁለተኛው 52,893.75፣ ሦስተኛው 52,896.70፣ አራተኛው 52,896.73፤ እዚያው ይቆማል። ኤክሴል ካልተነካ እስከ 100 ዙር ይፈቅዳል፣ ወይም ለውጡ ከ0.001 ሲያንስ ያቆማል። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እኔ ግን አልወደድኩትም። አንዱ ምክንያት አሁን ያየነው ነው፤ ዘበኛውን ያስተኛል። ሁለተኛው ደግሞ እሷ ራሷ የነገረችኝ ነው። አምና አንድ ሰው በመነሻው ሴል ላይ «2,000,000 ብር» ብሎ ከነ«ብር»ው ጻፈበት። ጽሑፍ ሆነና መዝጊያው `#VALUE!` አለ። ወለዱም ተከትሎ `#VALUE!` አለ። ጽሑፉ ሲስተካከል ስህተቱ አልሄደም። መዝጊያው ስህተቱን ከወለዱ ይወስዳል፣ ወለዱም ከመዝጊያው ይወስዳል፣ እንዲያ እየተቀባበሉ ይኖራሉ። የወለዱን ረድፍ አጥፍታ ፎርሙላውን እንደገና እስክትጽፍ ድረስ አልለቀቀም።

ሁለተኛው መንገድ ወለዱን በወሩ መነሻ ላይ ብቻ ማስላት ነው። ቀለበቱ ይጠፋል። ግን ታኅሣሥ ላይ 30,000 ብር ብቻ ይላል። ስንዴ በሚገዛበት ወር ወለዱን በግማሽ ገደማ ያሳንሳል። ባንክ ፊት ይዞ መቅረብ አይቻልም።

የመረጥነው ሦስተኛውን ነው፤ ቀለበቱን በአልጀብራ መፍታት። ሐሳቡ የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። መዝጊያው መነሻው ሲደመር የወሩ የተጣራ ወጪ ሲደመር ወለዱ ነው። ይህንን በወለዱ ፎርሙላ ውስጥ መዝጊያው ባለበት ቦታ ተክተን ወለዱን ወደ አንድ ወገን እናመጣዋለን። የሚቀረው መነሻውና የወሩ የተጣራ ወጪ ብቻ ነው። ሁለቱም ወለዱ ከመምጣቱ በፊት የሚታወቁ ናቸው።

```
H12  =3%*SUM(H6:H11)
H13  =$B$2/12*(2*H16+SUM(H6:H12)-H5)/(2-$B$2/12)
```

በቁጥር ሲገባ፣ የተጣራው ወጪ 7,210,000 ሲቀነስ 4,210,000፣ ማለትም 3,000,000 ነው። የመነሻው እጥፍ 4,000,000 ሲጨመርበት 7,000,000 ይሆናል። በ0.015 ተባዝቶ ለ1.985 ሲካፈል 52,896.73 ይመጣል። ምልልሱ በአራት ዙር የደረሰበት ቁጥር ነው፣ ሳንቲሙ ሳይቀር። `H17` እንዳለ ይቀራል፤ አሁን `H13` እሱን ስለማይጠራው ቀለበት የለም።

ከሥር አንድ የማመሳከሪያ ረድፍ ጨመርን። ወለዱን በድሮው መንገድ፣ በአማካዩ፣ አስልቶ ከአዲሱ ይቀንሰዋል፦

```
H19  =ROUND(H13-$B$2/12*(H16+H17)/2,2)
```

ዜሮ ካልሆነ አንድ ሰው አንዱን ረድፍ ነክቷል ማለት ነው። ለምሳሌ ከረድፍ 13 በታች አዲስ ወጪ አስገብቶ ጠቅላላው ሲያካትተው የወለዱ ፎርሙላ ሳያየው ቢቀር፣ ረድፍ 19 ወዲያው ይናገራል። ከዚያ ምልልሱን አጥፍተን ፋይሉን አስቀመጥን፣ ኤክሴልን ዘግተን ሁለቴ ከፈትን። አንዴ በጀቱን አስቀድመን፣ አንዴ የደመወዙን። በሁለቱም ዝም አለ።

አንድ ገደብ አለው፣ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ይህ ፎርሙላ የሚሠራው ባላንሱ ወሩን ሙሉ ዕዳ ሆኖ ሲቆይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሽያጩ ዕዳውን ጨርሶ ሂሳቡ ወደ ጥሬ ገንዘብ ከዞረ አማካዩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ፎርሙላው ባንኩ ወለድ እንደሚከፍላችሁ አድርጎ ያሰላል። ኦቨርድራፍት እንዲህ አይሠራም። ስለዚህ ፎርሙላውን ሙሉውን `MAX(0, … )` ውስጥ አስገባነው። ይህም ፍጹም አይደለም። ወሩ ሲጀመር የነበረው ዕዳ ለጥቂት ቀናት ወለድ ወልዷል፣ ፎርሙላው ግን ዜሮ ይላል። ረድፍ 19ም በዚያ ወር ዜሮ አይሆንም። እነዚያን ወራት በቢጫ ቀባናቸውና ለባንኩ በማስታወሻ ጻፍን።

ሥራው እዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። ቡና መጣ። ባለቤቱ ቁጥሮቹን እያዩ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ባንኩ ግን አምና ታኅሣሥ ላይ ከዚህ የበለጠ ነው የቆረጠብኝ። ለምንድን ነው?»

ጥያቄያቸው እኛ ከሰዓቱን ሙሉ ከፈተሽነው የሚበልጥ ነበር። ባንኩ ወለዱን የሚያሰላው በየቀኑ ባላንስ ላይ ነው። የኛ አማካይ የወሩን ሁለት ጫፍ ብቻ ነው የሚያየው። ገንዘቡ ወሩን ሙሉ እኩል እየተንጠባጠበ የወጣ ያስመስላል። እሳቸው ግን ስንዴውን የሚገዙት ወሩ እንደገባ ነው፤ ዋጋው ሳይወጣ ይቀድማሉ። ታኅሣሥ 5 ላይ ሦስቱ ሚሊዮን ወጣ እንበል። አምስት ቀን በ2,000,000፣ ሃያ አምስት ቀን በ5,000,000 ዕዳ ማለት ነው። የቀናቱ አማካይ 4,500,000 ይሆናል፤ ወለዱ በግርድፉ 67,500 ብር ነው። የኛ 52,896.73 ነበር። ልዩነቱ ከ14,600 ብር ይበልጣል።

ይህንን ከቀለበቱ ጋር አነጻጽሩት። ቀለበቱን በሙሉ ትተን ወለዱን የራሱ ወለድ ሳይገባበት ብናሰላው ኖሮ 52,500 ይመጣ ነበር። የቀለበቱ ጥቅም በዚህ ወር 396 ብር ከ73 ሳንቲም ነው። ለዚያ ብር ሲባል ለሁለት ዓመት የማስጠንቀቂያው አፍ ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ ኅዳርንና ታኅሣሥን ለሁለት ለሁለት ከፈልናቸው። የመጀመሪያው አሥራ አምስት ቀን አንድ ዓምድ፣ ቀጣዩ አንድ ዓምድ። በእነዚያ ዓምዶች ፎርሙላው ላይ `/12` ያለው ሁሉ `/24` ሆነ። ግዢው በመጀመሪያው ግማሽ ሲቀመጥ የታኅሣሥ ወለድ ወደ 63,750 ብር ገደማ ወጣ። ባንኩ ከሚቆርጠው ጋር ተቀራረበ። የሂሳብ ሠራተኛዋ አዲሶቹን ዓምዶች ስትጨምር ረድፍ 19ን መጀመሪያ ጎተተችው፣ ከዚያ ሌላውን።

ፋይሉ በማግስቱ ለባንኩ ተላከ። ባለሙያው መጣኔውን 18 የነበረውን 20 አደረገው። ቁጥሮቹ እስከ ሰኔ ድረስ ተንቀሳቀሱ፣ ረድፍ 19 በቢጫ ካልተቀቡት ወራት በሁሉም ላይ ዜሮ እንዳለ ቀረ።